“ከዛሬ ጀምሮ” የሚለውን አውጣው

ሰላም ጋሼ። የድሬ ልጅ ነኝ፤ ቤቴ ሳቢያን ነው። በአንድ የውጭ ድርጅት የጅምላ ጭነት መርከብ ላይ ሦስተኛ መሐንዲስ ሆኜ እሠራለሁ። የስድስት ወር ኮንትራቴ የጀመረው ፌብሩዋሪ 10 ነው። ባለቤቴ ነርስ ናት። የሌሊት ተረኛ ስትሆን ልጃችንን የምትይዘው እናቴ ነች፤ እሷም ደክማለች። እዚያው ድሬ አንድ ፋብሪካ የጀነሬተርና የቦይለር ክፍል ሥራ ሊሰጠኝ ነው፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ። መልቀቂያዬን እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ፦ “ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬን ለቅቄያለሁ። ቺፍ ኢንጂነሩ ያለ እረፍት ያሠራናል፣ ደመወዝ ይዘገያል፣ ከቤተሰቤም ርቄያለሁ። በሚቀጥለው ወደብ እወርዳለሁ።” ዛሬ ጁን 20 ነው፤ ነገ ለካፒቴኑ ልሰጠው ነው። ምን ይላሉ?

ወንድሜ፣ ነገ አትስጠው።

ወደ ቤትህ መመለስህን አልቃወምም። እኔም ከመርከብ ሞተር ክፍል ወጥቼ ነው ድሬ የተቀመጥኩት፤ አሁንም ድረስ ጀነሬተር ድምፁን ሲቀይር ከእንቅልፌ እነቃለሁ። የምቃወመው ደብዳቤውን ነው። በውስጡ ያሉ ሁለት ቃላት ብዙ ብር ሊያስወጡህ ይችላሉ፤ “ከዛሬ ጀምሮ” የሚሉት።

የየብስ ሥራ መልቀቅና የባሕር ሥራ መልቀቅ አንድ አይደለም። እዚህ ሀገር የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይወጣል። ቁልፉን አስረክቦ በበሩ ይሄዳል። አንተ ግን በር የለህም። ያለህበት መርከብ አነስተኛውን የመርከበኛ ቁጥር የሚደነግግ ሰነድ ተሰቅሎበታል። ስንት መሐንዲስ፣ በየትኛው ሰርተፊኬት መኖር እንዳለበት በዚያ ላይ ተጽፏል። አንተ ወርደህ ቁጥሩ ከዚያ ካነሰ መርከቡ ከወደብ መውጣት አይችልም። ተተኪህ ደግሞ ቪዛ፣ የጤና ምርመራና ትኬት ያስፈልገዋል፤ ይህ ሳምንታት የሚፈጅ ነገር ነው። አንዳንዱ ወደብ ጭራሽ መርከበኛ መቀየር አይፈቅድም። ስለዚህ “በሚቀጥለው ወደብ እወርዳለሁ” የሚለው አንተ ብቻህን የምትወስነው ነገር አይደለም።

አሁን ቀኑን አብረን እንቁጠር። ኮንትራትህ ኦገስት 10 ያልቃል። ከዛሬ 51 ቀን ቀርቶታል። ውልህን አውጣና የቆይታ ጊዜው የተጻፈበትን መስመር ተመልከት። ብዙ ጊዜ “ስድስት ወር፣ አንድ ወር ሲደመር ወይም ሲቀነስ” ይላል። እንደዚያ ከሆነ ድርጅቱ ከጁላይ 10 እስከ ሴፕቴምበር 10 ባለው ጊዜ ውስጥ በሚመቸው ወደብ ሊያወርድህ ይችላል። ይህን ጊዜ ጠብቀህ ከወረድክ ኮንትራትህን ጨርሰሃል ማለት ነው፤ የመመለሻ ትኬትህን የሚከፍለው ድርጅቱ ነው። ኤምኤልሲ የምንለው የመርከበኞች የሥራ ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው፣ ይህን በግልጽ ይደነግጋል።

ዛሬ አቋርጠህ ከወረድክ ግን ሌላ ነው። ስምምነቱ በነፃ የመመለስ መብት የሚሰጠው ኮንትራቱ ሲያልቅ፣ ድርጅቱ ሲያሰናብትህ፣ ወይም አንተ በቂ ምክንያት ኖሮህ ስታቋርጥ ነው። የተሻለ ሥራ ማግኘት በቂ ምክንያት ነው ብሎ የሚቀበልህ ድርጅት አይኖርም። ብዙ ውሎች መርከበኛው በራሱ ፈቃድ ካቋረጠ ትኬቱን ራሱ ይችላል ይላሉ።

እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ከቺፉ ጋር ተጣልቼ፣ በንዴት “ወዲያውኑ” ብዬ ጻፍኩ። ማስጠንቀቂያ አልሰጠሁም፤ ውሌንም አላነበብኩም። ከሩቅ ምሥራቅ ወደብ እስከ ቦሌ ያለው የትኬት ዋጋ ከመጨረሻ ደመወዜ ተቆረጠ። ከዚያ የከፋው ግን የአገልግሎት ማስረጃዬ ነው። ሳልይዘው ወረድኩ፣ ሰባት ወር ሙሉ በኢሜይል ስለምን ከረምኩ። በእነዚያ ወራት አንድ የሥራ ዕድል አመለጠኝ። ያንተ እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። አሁኑኑ ጻፍ፣ ግን የምትለቀው ኮንትራትህ ሲያልቅ እንደሆነ አድርገህ ጻፍ። ስምምነቱ የሚፈቅደው ዝቅተኛ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሰባት ቀን ነው፤ ያንተ ውል ግን አንድ ወር ሊል ይችላል። የሚገዛህ የፈረምከው ነው። 51 ቀን ስላለህ ሁለቱንም ታሟላለህ።

ደብዳቤው ለድርጅቱ የመርከበኞች ክፍል ይሄዳል፣ በካፒቴኑ በኩል። አንድ ቅጂ ለቺፉ፣ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ላለው ኤጀንሲህ። በእንግሊዝኛ እንደምትጽፈው አውቃለሁ፤ ሐሳቡን ግን በራሳችን ቋንቋ ላስቀምጥልህ፦

“ጉዳዩ፦ ኮንትራቴ ሲያበቃ ሥራ ስለመልቀቄ። ፌብሩዋሪ 10 በጀመረው ውሌ መሠረት በዚህ መርከብ በሦስተኛ መሐንዲስነት እያገለገልኩ ነው። ውሌ ኦገስት 10 ሲያበቃ ሥራዬን እለቃለሁ፤ ሌላ ኮንትራት አልፈርምም። ምክንያቴ ከቤተሰቤ አጠገብ ሆኜ በየብስ ለመሥራት ነው። ተተኪዬ በዚያ ቀን ወይም ለዚያ ቀን ቅርብ በሆነ ምቹ ወደብ እንዲሳፈር፣ እኔም በውሉ መሠረት ወደ ሀገሬ እንድመለስ እንድታመቻቹልኝ እጠይቃለሁ። እስከዚያው ሥራዬን እንደወትሮው እሠራለሁ፤ የርክክብ ጽሑፌንም ቀድሜ አዘጋጃለሁ። ስሰናበት የባሕር አገልግሎት ማስረጃዬና የደመወዝና የእረፍት ክፍያ ሒሳቤ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።”

ይኸው ነው። ከዚህ በላይ አታርዝመው።

“ሌላ ኮንትራት አልፈርምም” የሚለውን አትተው። እሱ ከሌለ የመርከበኞች ክፍሉ እረፍት ልትወጣ ነው ብሎ ያስብና ለሚቀጥለው መርከብ ስምህን ይይዛል። ከዚያ አስቸኳይ ጥሪ ይመጣል፣ ጭቅጭቅ ይከተላል። በሌላ በኩል “ወደ ባሕር ፈጽሞ አልመለስም” ብለህ አትጻፍ። ለማንም የማይጠቅም ቃል ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፍ። ከፋብሪካው ጋር ስትነጋገር ደግሞ በእኛ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሁለቱን ደባልቆ “10ኛው ወር” ብሎ የጻፈ ልጅ አውቃለሁ። እሱ ሰኔን ማለቱ ነበር፣ ድርጅቱ ኦክቶበር ብሎ አነበበው።

ለካፒቴኑ ስትሰጠው ሁለት ቅጂ ይዘህ ግባ። አንዱ ላይ መቀበሉን በቀንና በፊርማ ያረጋግጥልህ። ከዚያ ፎቶ አንስተህ ለኤጀንሲውም ለራስህም በኢሜይል ላክ። ማስጠንቀቂያህ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከደረሳቸው ቀን ነውና ያ ፊርማ ያስፈልግሃል።

አሁን ወደ ቅሬታህ። ከደብዳቤው አውጣው ስል ዋጠው ማለቴ አይደለም። መልቀቂያ ውስጥ ከገባ ማንም አይመረምረውም፤ ተናድዶ የወጣ ሰው ቃል ተደርጎ ይታለፋል። ለብቻው ሲጻፍ ግን ክብደት አለው። ለመርከበኛ በማንኛውም 24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሰባት ቀን ውስጥ ቢያንስ 77 ሰዓት እረፍት ይገባዋል። በየወሩ የምትፈርምበት የእረፍት ሰዓት መዝገብ አለ። ያልተኛኸውን ተኝቻለሁ ብለህ ፈርመህ ከሆነ ማስረጃህን በገዛ እጅህ አጥፍተሃል። ከዛሬ ጀምሮ እውነተኛውን ሰዓት ብቻ ጻፍ። ከዚያ በመርከቡ ላይ ባለው የቅሬታ ሥነ ሥርዓት ለካፒቴኑ በጽሑፍ አቅርብ። ቅጹ ከውልህ ጋር ተሰጥቶሃል።

ደመወዙስ ስንት ቀን ነው የዘገየው? አልነገርከኝም፤ ግን ልዩነት አለው። አንድ ሳምንት ከሆነ በኢሜይል ጠይቅ። ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ካልተከፈለህ ግን ጉዳዩ መልቀቂያ መሆኑ ቀርቷል። በስምምነቱ መሠረት ይህ መርከበኛን እንደ መተው ይቆጠራል፣ ድርጅቱም ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ የገባው የገንዘብ ዋስትና አለ። የዋስትናው ወረቀት መርከበኛው በሚያየው ቦታ ተለጥፎ ታገኘዋለህ፤ የሚደወልበትም ስልክ እዚያው ላይ አለ። እንደዚያ ከሆነ ይህን ሁሉ ተወውና መጀመሪያ እዚያ ደውል።

ደብዳቤው ከሄደ በኋላ ያለው ጊዜ የርክክብ ጊዜ ነው። ይህን እንደ ተራ ነገር አትየው። ተተኪህና አንተ የምትገናኙት ምናልባት ለሁለት ሰዓት ነው። እሱ ከረጅም በረራ ደክሞ ይመጣል፣ ጀልባው አንተን ይጠብቃል፣ ሞተር ክፍሉ ጫጫታ ነው። በአፍህ የምትነግረውን ግማሹን አይሰማም። ስለዚህ ጽሑፉን ከዛሬ ጀምር፣ በየሳምንቱም አሻሽለው።

ሦስተኛ መሐንዲስ እንደመሆንህ ጀነሬተሮቹ በአንተ እጅ ናቸው ብዬ ልያዝ። ለእያንዳንዱ ጀነሬተር ከመጨረሻው ትልቅ ጥገና ወዲህ ስንት ሰዓት እንደሠራ ጻፍ። ይህ ግን መዝገብ ላይም አለ። መዝገብ ላይ የሌለውን ነው በተለይ የምትጽፈው። ለምሳሌ የቁጥር 2 ጀነሬተር ሦስተኛ ሲሊንደር የጭስ ሙቀት ከሌሎቹ በ40 ዲግሪ ይበልጣል እንበል። ኢንጀክተሩን ቀየርክ፣ አልወረደም። ኢንጀክተሩ አለመሆኑን አረጋግጠሃል ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚጠረጠረው የጭስ ቫልቩ ወይም የነዳጅ ፓምፑ ነው። ይህን በአራት መስመር ከጻፍክለት ተተኪህ ያንን ኢንጀክተር እንደገና በማውጣት ሌሊቱን አያጠፋም። የታዘዘ ግን ያልደረሰ መለዋወጫ ካለ የትዕዛዝ ቁጥሩን አስቀምጥለት።

እኔ አንድ ጊዜ የአንድ ጀነሬተር ገቨርነር ጭነት ሲሰጠው እንደሚያመነታ እያወቅኩ ሳልጽፈው ወርጃለሁ። እኛ ለምደነው ነበር፤ በእጅ ቀስ አድርገን ነበር ጭነት የምንሰጠው። የተካኝ ልጅ አላወቀም። ወደብ ሊገቡ ሲሉ ሁለቱን ጀነሬተሮች አገናኝቶ ጭነቱን ባንዴ ሰጠው፣ መርከቡ ጨለመ። የከፋ ነገር አልደረሰም። ግን ዜናውን የነገረኝ ራሱ ነው፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ርክክቡ በትክክል መሆኑን የምታውቀው በአንድ ነገር ነው። ጽሑፉን ለሁለተኛ መሐንዲሱ ስጠውና አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅህ ጀነሬተሮቹን ማስነሳትና ማጥፋት ይችል እንደሆነ ይንገርህ። ጥያቄ ካለው መልሱን ጨምርበት። ስትጨርሱ አንተ፣ ተተኪህና ቺፉ ትፈርሙበታላችሁ። አንድ ቅጂ ይዘህ ውረድ።

ከመሰላሉ ሳትወርድ በእጅህ መኖር ያለበት ሌላው ወረቀት የባሕር አገልግሎት ማስረጃህ ነው። የመርከቡ ስምና የአይኤምኦ ቁጥር፣ ማዕረግህ፣ የተሳፈርክበትና የወረድክበት ቀን፣ የዋናው ሞተር ዓይነትና ጉልበቱ በኪሎዋት ይኑሩበት። ኪሎዋቱ ከተረሳ ሰነዱ ግማሽ ነው፤ ምክንያቱም የመሐንዲስ ሰርተፊኬት የሚከፈለው በ750 እና በ3,000 ኪሎዋት ነው። የሲማን ቡክህም በሁለቱም ቀን ማኅተም ይደረግበት።

ከዚያ በተጨማሪ ቺፉን አንድ ነገር ለምነው። ድሬ ያለ የሰው ኃይል ክፍል “ሦስተኛ መሐንዲስ” የሚለውን ሲያነብ ምን ይላል መሰለህ? ሦስተኛ ደረጃ ነው ብሎ ያስባል። እኔን አንድ ሰው “ሁለተኛ ለመሆን ምን ጎደለህ?” ብሎ ጠይቆኛል። ስለዚህ ማዕረጉ ብቻ ሳይሆን ሥራው የተዘረዘረበት ደብዳቤ ይጻፍልህ። ስንት ጀነሬተር፣ እያንዳንዱ ስንት ኪሎዋት፣ ምን ዓይነት ነዳጅ፣ ቦይለሩ በስንት ባር እንደሚሠራ፣ በስርህ ስንት ሰው እንደነበረ። የፋብሪካው መሐንዲስ ይህን ሲያይ ማን እንደሆንክ ወዲያው ይገባዋል። ከቺፉ ጋር ያለህ ነገር ጥሩ ባይሆንም ጠይቀው። ረቂቁን አንተ ጽፈህ አቅርብለት፣ እሱ አርሞ ይፈርማል። ንዴትህን ከመልቀቂያው አውጣ ያልኩህ ለዚህም ጭምር ነው።

የፋብሪካው የሰው ኃይል ክፍል ከቀድሞ አሠሪህ መልቀቂያና ክሊራንስ ማለቱም አይቀርም። የውጭ ድርጅቱ እንዲህ ያለ ወረቀት ላያውቅ ይችላል። ኤጀንሲው በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ማኅተም ያለበት አንድ ደብዳቤ እንዲጽፍልህ ከአሁኑ ተነጋገር። የሥልጠና ወጪ ውል ካለብህም ቀሪው ስንት እንደሆነ በዚያው ጠይቅ።

ስለ ፋብሪካው አንድ ነገር አሳስቦኛል። “ሥራ ሊሰጠኝ ነው” ነው ያልከው። በቃል ነው ወይስ በጽሑፍ? በቃል ከሆነ መልቀቂያውን ከማስገባትህ በፊት ደመወዙ፣ የሥራ መደቡና የሚጀምርበት ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ ላኩልኝ በላቸው። ሁለትና ሦስት ቀን ብትዘገይ ምንም አትሆንም፤ ጁላይ መጀመሪያ ላይ ብታስገባውም የአንድ ወር ማስጠንቀቂያህ ይሞላል። መስከረም 1 የሚለውንም አስቀይር። ሴፕቴምበር 10 ማለት ጳጉሜን 5 ነው። ድርጅቱ የተጨማሪዋን ወር የመጨረሻ ቀን ከተጠቀመ፣ በማግስቱ ፋብሪካ መግባት አለብህ ማለት ነው፤ አንተ ግን ገና አውሮፕላን ላይ ነህ። መስከረም 20 በላቸው። ፋብሪካ ጥሩ የጀነሬተር ሰው ሃያ ቀን ይጠብቃል።

የሙከራ ጊዜም አለ። በእኛ አዋጅ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተስማማችሁ ያለ ማስጠንቀቂያ ትለያያላችሁ። “ፈጽሞ አልመለስም” አትበል ያልኩህ ለዚህ ነው። የብቃት ሰርተፊኬትህ የሚታደሰው በአምስት ዓመት ነው። ለማደስ ከሚያስችሉት መንገዶች የተለመደው ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ 12 ወር የባሕር አገልግሎት መኖሩ ነው። ጊዜው የሚያልቅበትን ቀን ተመልከትና ወደ ኋላ አምስት ዓመት ቆጥረህ በዚያ ውስጥ ያሉ የመርከብ ወራትህን ደምር። ይህ ኮንትራት ሲሞላ 12 ከደረስክ ሰርተፊኬትህ አንድ ጊዜ ይታደስልሃል፤ ቤትህ ሆነህ በሩ ክፍት ይቆይልሃል። አሁን አቋርጠህ አሥር ላይ ብትቆም ግን ሁለት ወር አጥሮህ ይቀራል። እነዚያን 51 ቀኖች በዚህ ዓይን ቁጠራቸው።

የእናትህ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ነው። ከድካም አልፎ በጠና ብትታመም ኦገስት 10ን አትጠብቅ። ስምምነቱ በሰብዓዊ ወይም በአስቸኳይ ምክንያት ከማስጠንቀቂያው ጊዜ ባነሰ፣ ወይም ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ቅጣት መልቀቅን ይፈቅዳል። ባለቤትህ የሆስፒታሉን የሕክምና ማስረጃ በእንግሊዝኛ አስጽፋ ትላክልህ፤ አንተ ያንን አያይዘህ አጭር ጥያቄ ለካፒቴኑ ትሰጣለህ። ይህን መንገድ ግን በእውነት ሲያስፈልግ ብቻ ተጠቀምበት።

አንድ ቀን ካፒቴኑ በቃል “ሁለት ሳምንት ጨምርልን፣ ተተኪው ቪዛ ዘገየበት” ሊልህ ይችላል። ውልህ የሚፈቅደው ጊዜ ውስጥ እስከሆነ ድረስ እሺ በል፣ ግን በጽሑፍ፤ የመጨረሻውን ቀንም ጻፍበት።

ለባለቤትህም ዛሬ ማታ ደውልላት። ኦገስት 10 በእኛ ነሐሴ 4 ነው፤ አንተ ግን ነሐሴ 4 እመጣለሁ አትበላት። እስከ ጳጉሜን 5 ሊደርስ እንደሚችል ንገራት። የሐምሌና የነሐሴ የሌሊት ተራዋን ከጓደኞቿ ጋር ለመቀያየር የምትጠይቀው በዚያ ቀን ልክ ነው። እናትህም እስከ መቼ ልጁን እንደምትይዝ ቁርጡን ትወቀው።